ሰከንደሪው ላይ ሎድ ሲኖር ፕራይመሪው ስንት ከረንት ይስባል? ስለ ሪፍሌክትድ ኢምፒዳንስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ትንሽ የጥገና ክፍል አለችኝ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰፈሩ ጋደም ይላል፣ ሱቁም ይዘጋጋል። ያኔ ነው የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡት። ከሚያመጡት ጥያቄ አንዱ በየዓመቱ አይቀርም፦ አይዲያል ትራንስፎርመር አለ፣ ሰከንደሪው ላይ ሎድ ተጭኗል፣ የፕራይመሪውን ከረንት ፈልግ። ደጋግሜ ያስረዳሁትን እዚህ ጻፍኩት። በድሬ ልማድ "አንተ" እያልኩ ነው፤ አንቺም ያው ነሽ።

ከላይ እስከ ታች የምንጠቀመው አንድ ምሳሌ ብቻ ነው። ፕራይመሪው 1000 ዙር፣ ሰከንደሪው 200 ዙር። ምንጩ የግድግዳው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ሎዱ 4 ኦም ሬዚስተር እና በ50 ኸርዝ 3 ኦም ሪአክታንስ ያለው ኮይል ነው፣ ሁለቱ በሲሪስ ተያይዘዋል። ይህንን ወረቀት ላይ ጻፈውና አጠገብህ አስቀምጠው።

```
N1 = 1000, N2 = 200, n = N1/N2 = 5
V1 = 220 V
ZL = 4 + j3 Ω   (|ZL| = 5 Ω)
```

ሪፍሌክትድ ኢምፒዳንስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ትራንስፎርመሩን በጨርቅ ሸፍነው። ከጨርቁ ውስጥ የሚወጡት ሁለቱ የፕራይመሪ ሽቦዎች ብቻ ይሁኑ። አሁን 220 ቮልት ስትሰጠው የሆነ ከረንት ይስባል። ምንጩ ከጨርቁ ስር ምን እንዳለ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ይሄን ያህል ቮልት ሰጠሁ፣ ይሄን ያህል አምፔር ተወሰደብኝ የሚለውን ብቻ ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍለው የሚወጣው ቁጥር፣ ሰከንደሪው ላይ ያለው ሎድ በፕራይመሪ በኩል ሲታይ ያለው መጠን ነው። ሪፍሌክትድ ኢምፒዳንስ የሚሉት ይሄንን ነው።

ጥቅሙ ይሄ ነው፦ አንዴ ቁጥሩን ካገኘህ ትራንስፎርመሩን ከስዕሉ ላይ ታወጣዋለህ። በቦታው አንድ ኢምፒዳንስ ትተክላለህ። የቀረው ተራ ሰርኪት ነው፣ የኦም ሕግ ይጨርሰዋል።

ለምን በ5 ሳይሆን በ25 ይባዛል?

ምክንያቱም ሁለት ነገር ነው የሚቀየረው። ከሰከንደሪ ወደ ፕራይመሪ ስትሻገር ቮልቴጁ 5 እጥፍ ይጨምራል። ከረንቱ ደግሞ 5 እጥፍ ይቀንሳል። ኢምፒዳንስ ቮልቴጅ ሲካፈል ለከረንት ነው። ላይኛው 5 እጥፍ ሲያድግ ታችኛው 5 እጥፍ ሲያንስ፣ ውጤቱ 25 እጥፍ ያድጋል። በቃ፣ የ n² ምስጢር ይሄ ነው።

```
Z1 = V1/I1 = (n·V2)/(I2/n) = n²·ZL
```

ይህን መስመር አትሸምድደው። ፈተና ላይ ቢጠፋህ ከቮልቴጁና ከከረንቱ ተነስተህ በግማሽ ደቂቃ መልሰህ ታወጣዋለህ።

እሺ፣ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ስራልኝ።

መጀመሪያ ሎዱን ወደ ፕራይመሪ እናምጣው። ልብ በል፣ 25 የሚያባዛው ሙሉውን ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፣ ሬዚስተሩንም ኮይሉንም እኩል። አንግሉ አይነካም።

```
Z1 = 25 × (4 + j3) = 100 + j75 Ω
|Z1| = 125 Ω,  አንግል = 36.87°
I1 = 220 / 125 = 1.76 A,  አንግል = −36.87°
```

የፕራይመሪው ከረንት 1.76 አምፔር ነው፣ ከቮልቴጁ ወደ 37 ዲግሪ ወደኋላ ቀርቶ።

አሁን በሌላኛው በር ገብተን እንፈትሸው። ሰከንደሪው 220 ሲካፈል ለ5፣ 44 ቮልት ይሰጣል። 44 ቮልት 5 ኦም ላይ ሲያርፍ 8.8 አምፔር ይፈሳል። 8.8 ለ5 ሲካፈል 1.76። ገጠመ።

ኃይሉንም እንየው። በፕራይመሪ በኩል 1.76 በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ100 ኦም ሲባዛ 309.76 ዋት ነው። በሰከንደሪ በኩል 8.8 በራሱ ተባዝቶ፣ በ4 ኦም ሲባዛ 309.76 ዋት። አይዲያል ትራንስፎርመር ምንም አያስቀርም፣ ምንም አይጨምርም። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አሃዝ መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል።

እኔ 8.8 አምፔር አገኘሁ። ይሄ ቁጥር አንተም ጋ አለ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

በዚህ ርዕስ ላይ እንደዚህ ብዙ ሰው የሚጥል ስህተት አላየሁም፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

አንድ ከሰዓት አንዲት ተማሪ ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። የዙሩ ሬሾ 5 ነው ብላ ሎዱን በ5 ብቻ አባዝታዋለች። 20 + j15 ወጣላት፣ መጠኑ 25 ኦም። 220 ለ25 ስታካፍል 8.8 አምፔር። ከዚያ የክፍል ጓደኛዋን ደብተር አየች፣ እዚያም 8.8 የሚል ተጽፏል። "አቦ፣ ልክ ነኝ ማለት ነው" ብላ ዘጋችው። የጓደኛዋ 8.8 ግን የሰከንደሪው ከረንት ነበር። እሷ ደግሞ የፕራይመሪው ነው ብላ ከስሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ይሄ በአጋጣሚ አይደለም። በ n ብቻ ስታባዛ ሁልጊዜ የሰከንደሪው ከረንት ነው የሚወጣው። 220 ለ (5 × 5) ማካፈልና 44 ለ5 ማካፈል አንድ ናቸውና። ለዚህ ነው ስህተቱ የሚደበቀው፦ የሚወጣው ቁጥር እውነተኛ ነው፣ ሰርኪቱ ውስጥም አለ፣ ቦታው ብቻ ተሳስቷል። ቁጥሩ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ትጠረጥር ነበር።

እንዴት ታውቀዋለህ? ቮልት በአምፔር አባዛ። በፕራይመሪው 220 ሲባዛ በ8.8፣ 1936 ቮልት-አምፔር ነው። በሰከንደሪው 44 ሲባዛ በ8.8፣ 387.2 ነው። ከገባው ከ5 አንድ እጁ ብቻ ወጣ ማለት ነው። የቀረው የት ገባ? እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር የለም። በትክክለኛው መልስ ግን 220 ሲባዛ በ1.76፣ 387.2 ይሰጣል። ይህን ማባዛት ሁልጊዜ ከመልስህ ስር ስራው፣ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ማባዛት ነው ማካፈል? መጽሐፌ ላይ n የተገለጸው በተገላቢጦሽ ነው።

እውነት ነው፣ መጽሐፎች አይስማሙም። አንዱ n ማለት N1 ለ N2 ነው ይላል፣ ሌላው N2 ለ N1 ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ a የሚል ፊደል ያመጣል። ስለዚህ ፎርሙላውን ከፊደሉ ጋር አትያዘው። ይሄን ያዝ፦ ዙር ወደበዛበት በኩል ስትሄድ ኢምፒዳንስ ይተልቃል፣ ዙር ወዳነሰበት ስትሄድ ያንሳል። እኛ ከ200 ዙር ወደ 1000 ዙር ነው የሄድነው፣ ስለዚህ 4 ኦም 100 ኦም ሆነ።

ብትሳሳት እንኳ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሃል። በ25 ብታካፍል ኖሮ 5 ኦሙ 0.2 ኦም ይሆናል፣ ከረንቱም 1100 አምፔር። የቤትህ ማብሪያ ማጥፊያ ያለበት ሰርኪት 1100 አምፔር አይሰጥም።

ለምን እደክማለሁ? V2 ን አውቃለሁ፣ ለሎዱ አካፍዬ በ5 ብቀንሰው አይበቃም?

ምንጩ በቀጥታ ፕራይመሪው ላይ ከሆነ ይበቃል። እኔም ከላይ ለማረጋገጫ የተጠቀምኩት ያንን ነው። ችግሩ የሚመጣው ከምንጩና ከፕራይመሪው መካከል ሌላ ነገር ሲገባ ነው።

እንበል ከቆጣሪው እስከ ግቢው ጫፍ ድረስ ቀጭን ሽቦ ተጎትቷል። ሽቦው መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 10 ኦም ሬዚስታንስ አለው። ለስሌት እንዲቀል ብዬ ነው እንጂ ይሄ ብዙ ነው፣ እንዲህ ያለ ሽቦ ቤትህ ካለ ቀይረው። አሁን ፕራይመሪው ላይ የሚደርሰው 220 አይደለም። ስንት ነው? ከረንቱን ሳታውቅ ሽቦው ላይ ስንት ቮልት እንደቀረ አታውቅም። ከረንቱን ለማወቅ ደግሞ ቮልቴጁ ያስፈልግሃል። ተማሪው እዚህ ጋ ነው ክብ መዞር የሚጀምረው።

ሪፍሌክትድ ኢምፒዳንስ ክቡን ይቆርጠዋል። ትራንስፎርመሩን አውጣ፣ 100 + j75 ን ተካ፣ ከ10 ኦሙ ጋር በሲሪስ ደምር።

```
Zt = 10 + 100 + j75 = 110 + j75 Ω
|Zt| = 133.1 Ω
I1 = 220 / 133.1 = 1.65 A,  አንግል = −34.3°
V1 = 1.652 × 125 = 206.6 V
V2 = 206.6 / 5 = 41.3 V
I2 = 41.3 / 5 = 8.26 A
```

በአቋራጩ ብትሄድ 44 ቮልት ብለህ ተነስተህ 1.76 አምፔር ትጽፍ ነበር። ትክክለኛው 1.65 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ፈተና ላይ ግን ስህተት ነው፣ ስራ ላይ ደግሞ 44 ቮልት የሚጠብቅ ዕቃ 41 እየደረሰው ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ሽቦው ላይ የቀረው 1.652 ሲባዛ በ10፣ ማለትም 16.5 ቮልት ነው። ይህን ከ206.6 ጋር ብትደምረው 223 ይመጣል፣ 220 አይደለም። አትደንግጥ። ሁለቱ ቮልቴጆች አንግላቸው ይለያያል፣ ስለዚህ እንደ ተራ ቁጥር አይደመሩም። በኮምፕሌክስ ስትደምራቸው ልክ 220 ይሆናሉ።

እዚህ ጋ ሌላም የተለመደ ስህተት አለ፦ 10 ኦሙን ከ4 + j3 ጋር በቀጥታ መደመር። ያ ከረንቱን 15.4 አምፔር ያደርገዋል። 10 ኦሙ ፕራይመሪ በኩል ነው፣ 4 + j3 ሰከንደሪ በኩል። ሁለቱን ወደ አንድ ወገን ሳታመጣ አትደምራቸውም።

ቀጭኑ ሽቦ በሰከንደሪ በኩል ቢሆንስ?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። በሰከንደሪው በኩል ያለውም ሽቦ ከሎዱ ጋር አብሮ ይሻገራል። ሰከንደሪው ላይ 0.4 ኦም ብቻ የሆነ ሽቦ ብትጨምር፣ ወደ ፕራይመሪ ሲመጣ 25 ጊዜ 0.4፣ ማለትም 10 ኦም ይሆናል። ከላይ ያገኘኸው ውጤት ይደገማል፦ ከረንቱ 1.65፣ ሎዱ ላይ የሚደርሰው 41.3 ቮልት። በ220 በኩል 10 ኦም የሚያደርሰውን ጉዳት፣ በ44 በኩል 0.4 ኦም ያደርሰዋል።

ስለዚህ ዝቅተኛው ቮልቴጅ ያለበት ሽቦ ወፍራምና አጭር ነው መሆን ያለበት። የሰፈራችንን ምሰሶ ቀና ብለህ እይ። ወደ ትራንስፎርመሩ የሚመጣው 15 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጭን ነው፣ ከታች ወደ ቤት የሚወጣው ግን ይወፍራል። 15,000 ለ380 ስታካፍል ወደ 39.5 ነው፣ በራሱ ሲባዛ ከ1,500 ያልፋል። ከታች ያለች አንዲት አሥረኛ ኦም፣ ላይኛው መስመር ላይ ከ150 ኦም በላይ ሆና ትታያለች።

በስዕሉ ላይ ከኮይሉ ጫፍ አጠገብ ያለው ነጥብ ቦታ ቢቀይር መልሱ ይቀየራል?

የፕራይመሪው ከረንት አይቀየርም። ነጥቡ ሲገለበጥ ቮልቴጁም ከረንቱም ምልክታቸው አብሮ ይገለበጣል፣ ሁለቱ ሲካፈሉ ማይነሱ ይጠፋል። ሪፍሌክትድ ኢምፒዳንሱ ያው 100 + j75 ነው። የሚቀየረው የሰከንደሪው ከረንትና ቮልቴጅ አንግል ነው፣ 180 ዲግሪ ይዞራል። ጥያቄው I2 ን ከጠየቀህ ነጥቡን ተጠንቅቀህ እይ፣ I1 ን ብቻ ከጠየቀህ ግን አያሳስብህ።

ሎዱ ካፓሲተር ቢሆን ማይክሮፋራዱም በ25 ይባዛል?

አይ፣ ይካፈላል። የሚባዛው ኢምፒዳንሱ ነው። የካፓሲተር ኢምፒዳንስ የሚያድገው ካፓሲታንሱ ሲያንስ ነው። 100 ማይክሮፋራድ በ50 ኸርዝ ወደ 31.8 ኦም ነው። በ25 ሲባዛ 796 ኦም አካባቢ፣ ይህም የ4 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ኮይል ከሆነ ግን ሄንሪው ራሱ በ25 ይባዛል። ግራ ከገባህ ሁሉንም መጀመሪያ ወደ ኦም ቀይር፣ ከዚያ አሻግር።

ሎዱ ቢነቀልስ? ሾርት ቢያደርግስ?

ከተነቀለ የሎዱ ኢምፒዳንስ ማለቂያ የለውም፣ 25 ጊዜ እሱም ማለቂያ የለውም። አይዲያል ፕራይመሪ ዜሮ አምፔር ይስባል። ሾርት ካደረገ 25 ጊዜ ዜሮ ዜሮ ነው፣ ፕራይመሪውም በሾርት ይታያል። ያኔ ከረንቱን የሚይዘው መንገድ ላይ ያለው ሽቦ ብቻ ነው። በ10 ኦሙ ምሳሌያችን 22 አምፔር ይሆናል። ሰከንደሪው በኩል ሾርት ተደርጎ ፊውዙ ግን ፕራይመሪው በኩል የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ፕራይመሪውን በመልቲሜትር ለካሁት፣ ጥቂት ኦም ነው ያሳየኝ። 125 የት ሄደ?

መልቲሜትሩ ኦም ሲለካ የሚልከው ዲሲ ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ የሚያሻግረው የሚለዋወጥ ከረንት ብቻ ነው። በዲሲ ጊዜ ሰከንደሪው ላይ ያለው ሎድ ከፕራይመሪው አይታይም። ያነበብከው የመዳብ ሽቦውን ሬዚስታንስ ነው። ሎዱን ንቀለው፣ መልሰህ ለካ፤ ንባቡ ያው ይሆናል። 125 ኦሙን ማየት ከፈለግህ 220 አስገብተህ ቮልቱንና አምፔሩን ለክተህ ማካፈል ነው ያለብህ። እጅህን ከክፍት ሽቦ አርቅ፣ ሎዱን ስትቀይር መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር፦ ፕራይመሪውን ባትሪ ላይ አትሰካ። በዲሲ የሚያግደው ያ ጥቂት ኦም ብቻ ነው፣ ትራንስፎርመሩ ይግላል፣ ሰከንደሪውም ላይ የሚቆይ ቮልቴጅ አታገኝም።

በክላምፕ ሜትር ስለካ ከ1.76 ትንሽ ከፍ ይላል። ስሌቱ ነው የተሳሳተው?

ስሌቱ አልተሳሳተም፣ ትራንስፎርመሩ አይዲያል ስላልሆነ ነው። እውነተኛው ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ራሱ ትንሽ ከረንት ይወስዳል፣ ሎዱ ቢነቀልም። ይሄ ከረንት ከሪፍሌክትድ ኢምፒዳንሱ ጎን፣ በፓራለል የተሰካ ኮይል እንደሳበው አድርገህ አስበው።

መጠኑን ለማወቅ ሎዱን ነቅለህ ፕራይመሪውን ለካ። ክላምፕ ሜትርህ ትንሽ ከረንት ላይ ደካማ ከሆነ ሽቦውን በመንጋጋው ውስጥ አሥር ጊዜ ጠምጥመህ ንባቡን ለአሥር አካፍል። 0.15 አምፔር አሳየህ እንበል። ይህን ከ1.76 ጋር በቀጥታ ደምረህ 1.91 አትበል። የማግኔቱ ከረንት ከቮልቴጁ ወደ 90 ዲግሪ ይዘገያል፣ የሎዱ ደግሞ 36.87 ዲግሪ። በኮምፕሌክስ ነው የሚደመሩት፦

```
1.408 − j1.056
      − j0.15
= 1.408 − j1.206  →  1.85 A
```

ክላምፕህ 1.85 አካባቢ ካሳየህ ሁሉም ደህና ነው። የሽቦው ሬዚስታንስና ከሰከንደሪው ሳይደርስ የሚፈስሰው ማግኔቲክ ፍለክስ ደግሞ በተቃራኒው ከረንቱን ትንሽ ይቀንሱታል፣ ከ10 ኦሙ ጋር እንዳየነው በሲሪስ ስለሚገቡ። ባዶውን ስትለካ ግን እንደ 0.15 ያለ ትንሽ ቁጥር ሳይሆን ሙሉ አምፔር ካነበብክ፣ ውስጥ ዙሮች እርስ በርስ ተነካክተዋል። እነዚያ የተነካኩት ዙሮች ራሳቸው ሾርት የሆነ ትንሽ ሰከንደሪ ናቸው፣ ሾርታቸውም ልክ እንደ ሎድ ወደ ፕራይመሪው ተሻግሮ ይታያል። እንዲህ ያለውን ትራንስፎርመር ሎድ ሳይነካው ሲግል ታገኘዋለህ። መልሰህ አትሰካው፣ ለጠምጣሚ ስጠው።